«ንብ ምንም ብን»፦ የልጅ ልጅ የነካካው መልእክትና የአያት ግምት

የመክፈቻ ጽሑፍ

አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ ብዬ ካስቀመጥሁት በኋላ አንድ ቦታው ላይ እምነት ስላጣሁ ለምክር ወደዚህ መድረክ አመጣሁት። ታሪኩ በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ እማማ አስካለ የተባሉ አያትን ይመለከታል። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ከቤታቸው ጓሮ በደረባው ሥር ሁለት ቀፎ ንብ አላቸው፤ አንዲት ልጃቸው አዲስ አበባ ትኖራለች፤ እርሷም የሁለት ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ አላት። አንድ ማታ ሕፃኑ የእናቱን ስልክ አንሥቶ ሲነካካ፣ ቀድሞ ተከፍቶ በነበረው የመልእክት ገጽ በኩል አንድ የፊደላት ሰንሰለት ወደ አያቱ ይሄዳል። እኔ በጻፍሁት ረቂቅ ሰንሰለቱ «ባናባናባባና» የሚል ነው። እማማ አስካለ ይህን ያነብቡና የልጅ ልጃቸው ስለ ባና እያወራ መሆኑን፣ ማለትም እንደ በረደው ይገምታሉ፤ ሌሊቱን ሱፍ ሲፈትሉ ያድራሉ፣ በወሩም ባናው ተሠርቶ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ሕፃን ስልክ ሲነካካ በእርግጥ «ባናባና» ሊወጣ ይችላል? ወይስ ታሪኩ የተመሠረተው በማይሆን ነገር ላይ ነው?

ከዚህ በታች የመጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው፣ ሰዎቹን በቃላቸው ሳልጠቅስ፣ የተናገሩትን ብቻ አጠር አድርጌ አስቀምጫለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ በጣም ትሑት ሰው ነበሩ። ታሪኩ ልባቸውን እንደ ነካው ከገለጹ በኋላ መጨነቅ እንደማያስፈልግ መከሩኝ። ምክንያታቸውም የዛሬ ስልኮች የተሳሳተ ነገር ሲጻፍባቸው ራሳቸው ወደሚያውቁት ቃል ስለሚያስተካክሉ፣ ልጁ ምንም ቢነካካ ስልኩ ባና ወደሚለው ቃል ሊወስደው ይችላል የሚል ነበር።

መልስ 2። የሞባይል ጥገና ሥራ ላይ እንደ ቆየ የገለጸ ወጣት የመጀመሪያውን መላሽ በከፊል ብቻ ተቀበላቸው። ስልክ ቃል ይገምታል፣ ነገር ግን የሚገምተው ከተነካው ፊደል ተነሥቶ ነው፤ ትርጉም የሌለው ሰንሰለት ሲያጋጥመው ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይተወዋል። ዋናው ጥያቄ የልጁ እናት የምትጠቀምበት የፊደል ገበታ ምን ዓይነት ነው የሚለው እንደ ሆነ አስረዳ። የላቲን ፊደል እየተነካ ወደ እኛ ፊደል በሚመልሰው ገበታ ከሆነ፣ «ባ» ለማግኘት በመጀመሪያ b ቀጥሎ a መነካት አለበት። b ያለው በታችኛው ረድፍ መካከል ላይ ነው፤ a ያለው ደግሞ በመካከለኛው ረድፍ የግራ ጫፍ ላይ። ስለዚህ «ባናባና» ማለት እጅ ከመካከል ወደ ግራ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ መካከል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ግራ ጫፍ እየዘለለ አራት ጊዜ አንድም ሳይስት መሄድ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሕፃን አላየሁም፣ የሕፃን እጅ ባረፈበት ዙሪያ ይመላለሳል አለ። በዚህ ገበታ ላይ ተነባቢው ብቻውን ሲነካ የሚወጣው ሳድሱ ስለሆነ ደግሞ፣ የልጅ ሰንሰለት በአብዛኛው ሳድስ በሳድስ ይሆናል። ሕፃኑ b እና n አካባቢ ከቆየ «ብንብንንብ» የሚመስል ነገር እንጂ «ባና» አይወጣም።

መልስ 3። እኔ ራሴ ነኝ። እናቲቱ በላቲኑ ገበታ እንደምትጽፍ አረጋግጬ፣ ባናውን ለመተው እያመነታሁ መሆኔን ገለጽሁ። ሱፍ ፈተላው የታሪኩ ጌጥ ስለነበር ከልቤ አዘንሁ።

መልስ 4። አንዲት የአማርኛ መምህርት ከመልስ 2 ተነሥተው ለእኔ ያልታየኝን ነገር አመጡ። በታችኛው ረድፍ ጎን ለጎን የተቀመጡት b፣ n እና m ናቸው፤ የሚሰጡትም ብ፣ ን እና ም ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለት ሁለት ፊደል ያላቸው ዘጠኝ ጥምሮች ይወጣሉ፤ ከዘጠኙ ሦስቱ ቃል ናቸው፦ ንብ፣ ብን እና ምን። ብን ብቻውን የማይቆም፣ «ብን ብሎ ጠፋ» በሚለው ውስጥ የምናውቀው ቢሆንም አማርኛ የሚያውቅ ጆሮ አይስተውም። ሦስት ሦስት ፊደል ካልን ደግሞ «ምንም» ይመጣል። እንግዲህ ሕፃኑ ሦስት ቁልፍ ብቻ ሲመላለስባቸው ከሦስት አንዱ ጥምር ትርጉም ያለው የሚመስል ከሆነ፣ አያትየዋ ትርጉም ማግኘታቸው ተአምር አይደለም፤ አለማግኘታቸው ነው የሚከብደው አሉ። አክለውም ፊደሎቹ ሳይከፈሉ ከመጡ የት ላይ መቁረጥ እንዳለበት የሚወስነው አንባቢው መሆኑን አስታወሱ፤ «ንብን» ከፊት ቢቆርጡት ንብ ነው፣ ከኋላ ቢቆርጡት ብን ነው። የድሮ ጸሐፊዎች በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ የሚያኖሩት ለዚህ ነበር፣ ሕፃኑ ግን ሁለት ነጥብ አያኖርም።

መልስ 5። ከደብረ ብርሃን የጻፈች እናት የራሷን ጉዳይ አመጣች። የእርሷ ልጅ ስልክ ነካክቶ ለአያቱ መልእክት በላከበት ጊዜ፣ አያትየዋ የያዙት የድሮ ባለ ቁልፍ ስልክ ስለነበር ፊደል አልታያቸውም፤ የታያቸው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ሰባት ሆነው ሲያገኟቸው፣ ልጄ በሰባት ቀን ትመጣለች ማለት ነው ብለው ጠላ ጠመቁ። ልጅቱ አልሄደችም፤ ጠላው ግን ተጠጣ። ቀጥላም እኔ የማደንቀውን ጥያቄ ጠየቀች፦ የእርሷ እናት ግምትና የእማማ አስካለ ግምት በምን ይለያያሉ?

መልስ 6። አንድ ሰው ጥያቄውን ጨርሶ ሳያነብቡ ሕፃናት ስልክ እንዳይነኩ እንዴት መቆለፍ እንደሚቻል በሰፊው መክረዋል። ከእኛ ጉዳይ ጋር የሚገናኝ ባለመሆኑ ዝርዝሩን አልደግመውም።

መልስ 7። የጥገናው ወጣት ተመልሶ ለመልስ 5 ማብራሪያ ሰጠ። ሳጥን የሚመጣው ስልኩ ውስጥ የፊደላችን ቅርጽ ስለሌለ እንጂ መልእክቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ሳጥን ስለሚቆም የፊደሉ ቁጥርና ክፍተቱ እንዳለ ይደርሳል፣ ስለዚህ እናትየዋ ቆጠራቸው ትክክል ነበር። በተጨማሪ አንድ ተራ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 160 ምልክት ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ መሆኑን ገልጾ፣ የታሪኩ ሕፃን ከዚያ በላይ እንዳይነካካ መከረኝ፤ ካለፈ በአሮጌ ስልክ ላይ ተከፋፍሎ ሊደርስ ይችላል።

መልስ 8። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ መላሽ ይህ ሁሉ የቁልፍ ወሬ ከንቱ ነው፣ ምክንያቱም በዚያ ዕድሜ ያሉ የገጠር አያቶች ማንበብ ስለማይችሉ ታሪኩ ከመነሻው ውሸት ነው፣ ጸሐፊውም አገሩን አያውቅም ብሎ ደመደመ።

መልስ 9። ለዚህ የመጣው መልስ የሰላ ነበር። መላሿ ከመንዝ መሆኗን ተናግራ፣ አገሩን የማያውቀው ማን እንደ ሆነ መድረኩ እንዲፈርድ ጠየቀች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እናቷ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበሩ፤ ቀን ከከብትና ከማጀት ውለው ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጥረዋል፣ ዛሬም ዳዊት ባይደግሙ የዕድር ደብተር ያነብባሉ። እማማ አስካለ የሰባ ዓመት ሰው ከሆኑ ከዚሁ ትውልድ ናቸው። የመልስ 8 ጸሐፊ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 10። መምህርቷ ሁለቱን ለማብረድ ጭምር ይመስለኛል ጣልቃ ገብተው ስለ ንባቡ ራሱ ጻፉ። በዚያ ዘመቻ ያነበበ ሰው ቃሉን በአንድ እይታ አይጠርገውም፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ድምፁን እየሰማ፣ ከዚያ ያገናኘዋል። ሳድስ ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው፤ አንዳንዴ ቀጭን ድምፅ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ ያለ ድምፅ ያርፋል፣ ይህንም ፊደሉ አያሳይም። እማማ አስካለ እያንዳንዱን ሳድስ ለየብቻ እየጠሩ ሲሄዱ በመጀመሪያ የሚሰሙት ንግግር ሳይሆን የሚንተባተብ ልጅ ድምፅ ይሆናል፤ ቃሉ የሚመጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ንባብ ነው። ታሪኩ ይህን መዘግየት ማሳየት አለበት አሉኝ። ከመጣልኝ ምክር ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ይኸው ነው።

መልስ 11። ሌላ ሰው ለምን በዚህ እንደክማለን፣ ሕፃኑ «ኑ» ብሎ አያቱን ቢጠራ አይበልጥም ወይ ሲል ጠየቀ። ጥገናው ላይ ያለው ወጣት ባጭሩ መለሰለት፦ n ከታች ረድፍ፣ u ከላይ ረድፍ ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ረድፍ ሙሉ አለ። አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ጸሐፊው ከባና ሸሽቶ ወደ ኑ ከሄደ ያው ችግር ነው አለ። የb፣ የn እና የm አካባቢ የተመረጠው በአጠገቡ አናባቢ ስለሌለ ጭምር መሆኑንም አስታወሰ።

ከዚያ ግን ራሱ እስካሁን ያልተነሣ ነገር አነሣ። በስልክ ገበታ ላይ ከእነዚህ ሦስት ቁልፎች በታች ረጅሙ የክፍተት ቁልፍ አለ፤ ከm በስተ ቀኝ ደግሞ ማጥፊያው አለ። በዚያ አካባቢ የሚመላለስ የሕፃን እጅ ሁለቱንም ሳይነካ አይቀርም። ስለዚህ ክፍተት የሌለው ረጅም ሰንሰለት አጠራጣሪ ነው፤ አያትየዋ የሚደርሳቸውም ልጁ የነካካው ሁሉ ሳይሆን ከማጥፊያው የተረፈው ብቻ ነው።

መልስ 12። ይህን ካነበብሁ በኋላ ሁለት ቀን ወስጄ ታሪኩን እንደገና ጻፍሁትና አዲሱን ቅጂ አቀረብሁ። ሕፃኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ በታችኛው ረድፍ ላይ በመዳፉ ይመታል፤ ብዙው ይጠፋል፤ የቀረው «ንብ ምንም ብን» ሆኖ ይሄዳል። ክፍተቶቹን ያስቀመጠው የልጁ አውራ ጣት ነው።

እማማ አስካለ እራት በልተው እሳቱን ዳፍነው ሊተኙ ሲሉ ስልካቸው ይጮኻል። መነጽራቸውን ፈልገው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይጠራሉ። በመጀመሪያው ንባብ ምንም አይሰማቸውም። በሁለተኛው «ንብ» ይመጣል፣ «ምንም» ይከተላል፣ «ብን» ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይቀዘቅዛል። የልጅ ልጃቸው ለመስቀል መጥቶ በነበረበት ጊዜ ቀፎው ሥር ቆሞ ንቦቹን ሲያይ መዋሉ ትዝ ይላቸዋል። ንቡ ምንም አልቀረም፣ ብን ብሎ ጠፍቷል የሚል መልእክት ነው ብለው ያምናሉ፤ ሕፃን አዲስ አበባ ተቀምጦ የደብረ ሲናን ቀፎ እንዴት ሊያይ ይችላል የሚለውን ጥያቄ አያነሡም፣ ልጅ የሚያየውን ትልቅ ሰው አያይም ብለው ያደጉ ናቸውና። ነጠላቸውን ደርበው በጨለማ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ያስጠጋሉ፤ ነፋሱ ስለሚነፍስ አይሰማም። በጣታቸው ቀፎውን መታ መታ ያደርጋሉ። ታሪኩን እዚህ ላይ ከውስጥ በሚነሣ የንብ ድምፅ ጨረስሁት።

መልስ 13። አንድ ንብ አርቢ ስለ ስልኩ ምንም ሳይናገሩ ስለ ቀፎው ብቻ ጻፉ፣ እኔም ለዚህ አመሰገንኋቸው። እማማ አስካለ ያደረጉት ትክክለኛ ነገር ነው፤ ቀፎ በቀስታ ሲመታ በውስጡ ንብ ካለ ድምፁ ወዲያው ከፍ ይልና ይረግባል፣ ንግሥቷ ከሌለች ግን ሳይረግብ እንደ ልቅሶ ይቆያል፤ ባዶ ከሆነ የሚሰማው የእንጨት ድምፅ ብቻ ነው። ሌሊት መሄዳቸውም ጥሩ ነው፣ ንብ ሲጠፋ በቀን ነው የሚጠፋ፣ ማታ የተገኘ ንብ ቢያንስ እስከ ነገ ረፋድ አለ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ራሳቸው ጉዳይ ገቡ፤ ባለፈው ዓመት ማር ሲቆርጡ ለንቡ ሳይተዉ ስለ ወሰዱና ጉንዳንም ስለ ገባባቸው ሁለት ቀፎ ሙሉ ንብ ጠፍቶባቸዋል። ታሪኩ ውስጥ እማማ አስካለ ማር የቆረጡት መቼ እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ ጥቅምት ውስጥ ቆርጠው ከነበረ ፍርሃታቸው ከልጁ መልእክት በፊት የጀመረ ሊሆን ይችላል አሉ።

መልስ 14። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አዲስ ክርክር ከፈተ። ራሷን ያላስተዋወቀች መላሽ ነገሩ ከዚህ በኋላ ግልጽ ነው አለች። እማማ አስካለ ምንም አልገመቱም፤ በልባቸው የነበረውን ሥጋት ሦስት ፊደል ላይ አነበቡት። ቀፎው ባይኖራቸው ኖሮ ያው ሰንሰለት ብን ብሎ ስለ ጠፋ ሰው ይሆንባቸው ነበር። የሳጥኗም እናት ሰባትን ሳምንት ያደረጉት ልጃቸው እንድትመጣ ስለ ፈለጉ ነው። ጸሐፊው ድምፅ ከቀፎው እንዲነሣ በማድረግ ግምታቸው ስሕተት መሆኑን አሳይቶ ሳለ፣ ስሕተት እንዳልሆነ አስመስሎ መጨረሱ አንባቢን መሸንገል ነው ብላ በቁጣ ጨረሰች።

መልስ 15። የመንዟ ሴት በዚህ አልተስማማችም፣ ቃሏም እንደ ቀድሞው የሰላ ነበር። ግምት ማለት ድሮም ከራስ ልብ የሚነሣ ነው፤ ደብዳቤ ሁሉ እንዲሁ ይነበባል። ከዚህም በላይ አያትየዋ ግምታቸውን አምነው ቁጭ አላሉም፤ ተነሥተው ሄደው ቀፎውን መትተው ፈተኑት። ከመድረኩ ተከራካሪዎች ስንቱ እንደ እርሳቸው ግምቱን እንደሚፈትን ጠየቀች። መልስ 14ን የጻፈችው ደግሞ መፈተን ያለበት ቀፎው ሳይሆን ልጁ ነበር፣ ለምን ልጃቸው ጋ አልደወሉም ብላ መለሰች። በዚህ ላይ አልተግባቡም። እኔም እስካሁን አልወሰንሁም፤ መደወልን ብጨምር ታሪኩ በሁለት መስመር ያልቃል።

መልስ 16። መምህርቷ በመጨረሻ እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ። ይህን ሁሉ ስንከራከር በእውነተኛ ሕፃን የሞከረ ሰው አለ ወይ?

መልስ 17። አልሞከርሁም ነበር። የወንድሜ ልጅ ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት ስልኬን ባዶ ጽሑፍ ላይ ከፍቼ አሥር ጊዜ ሰጠሁት። በአራቱ የተረፈ ነገር አልነበረም፣ ማጥፊያው ሁሉን በልቶታል፤ ጥገናው ላይ ያለው ወጣት ልክ ነበር። በሁለቱ ከገበታው ወጥቶ ሌላ ነገር ከፍቷል። በቀሩት አራት እጁ እኔ ባሰብሁት በb እና በn አካባቢ አልዋለም፤ ስልኩን በግራ እጁ ስለሚይዝ ቀኙ ያረፈው በመካከለኛው ረድፍ የቀኝ ጫፍ፣ በj፣ በk እና በl ላይ ነው። በላይ በኩል i እና o ስላሉ አንድ ሁለት ቦታ «ኪ» እና «ሎ» ገብተዋል። አንዱ ሰንሰለት «ክልል» ሆኖ ወጣ፣ ወንድሜም ልጁ ገና ሳይናገር ፖለቲካ ጀመረ ብሎ ሳቀ።

በዘጠነኛው ላይ ስልኩን ስቀበለው ልጁ ባዶውን ጽሑፍ ትቶ ከእናቴ ጋር የምጻጻፍበትን ገጽ ከፍቶ አገኘሁት። የሄደው መልእክት «ልልክ ክ» ይላል። ሰርዤው ልተወው ሳስብ ስልኩ ጠራ። እናቴ ከደብረ ሲና ነበረች። ገና ሰላም ሳንባባል ምንም እንዳልልክ፣ ባለፈው የላክሁላት ገንዘብም ገና እንዳላለቀ ነገረችኝ፤ ቀጥላም ያቺ ለብቻዋ የቀረችው «ክ» ምን ለማለት እንደ ሆነች ጠየቀችኝ።